ሞተር ወፍጮን ሲያዞር፦ ስለ ቋሚ ቶርክ ሥራ፣ ፓወር እና ኪኔቲክ ኢነርጂ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከታች ያሉት መልሶች በሙሉ የሚያወሩት ስለ አንድ የድንጋይ ወፍጮ ነው። ሞተሩ ባለሦስት ፌዝ፣ 380 ቮልት፣ 15 ኪሎ ዋት ሲሆን ኔምፕሌቱ ላይ 1460 ዙር በደቂቃ ይላል። በቺንጋ የሚያዞረው የወፍጮው ፑሌጃ ከሞተሩ ፑሌጃ 2.5 እጥፍ ስለሚሰፋ ድንጋዩ በደቂቃ 584 ጊዜ ይዞራል። ተሽከርካሪው ድንጋይ 200 ኪሎ ግራም ይመዝናል፤ ዲያሜትሩ 70 ሴንቲ ሜትር ነው። ባዶውን ሲዞር ኩሽኔታውና በትንሹ የሚነካካው ድንጋይ በጋራ 33 ኒውተን ሜትር ይይዙታል እንበል። ቺንጋው ከተቀበለው 95 በመቶውን ያሳልፋል። ቁጥሮቹን በራሳችሁ ማሽን ቁጥሮች ተክታችሁ መሥራት ትችላላችሁ፤ አካሄዱ ያው ነው።

ኔምፕሌቱ ላይ ቶርክ አልተጻፈም። ከየት ይገኛል?

ከፓወሩና ከፍጥነቱ። ፓወር ማለት ቶርክ በዙር ፍጥነት ሲባዛ ነው፤ ፍጥነቱ ግን በራዲያን በሰከንድ መሆን አለበት።

```
P = τ · ω
ω = 2π · 1460 / 60 = 152.9 rad/s
τ = 15000 / 152.9 = 98.1 N·m
```

ቴክኒሻኖች 9550ን በኪሎ ዋት አባዝተው ለዙር በደቂቃ የሚያካፍሉት ይህንኑ ስሌት በአጭሩ ለመሥራት ነው። ብዙ ሰው የሚስተው ዙር በደቂቃን ሳይቀይር ከቶርክ ጋር ሲያባዛ ነው። 98ን በ1460 ብታባዙ 143 ሺህ ይመጣል፤ ባለ 15 ኪሎ ዋት ሞተር 143 ኪሎ ዋት ሰጠ ማለት ነው። መልሳችሁ ወደ አሥር እጥፍ ግድም ከተጋነነ መጀመሪያ የምትፈትሹት እዚህ ጋ ነው።

ሌላው ነገር፣ ኔምፕሌቱ ላይ ያለው 15 ኪሎ ዋት ዘንጉ ላይ የሚወጣው እንጂ ከመስመሩ የሚገባው አይደለም። ሞተሩ 90 በመቶ ብቃት ካለው ቆጣሪው የሚያየው 16.7 ኪሎ ዋት ገደማ ነው።

ወደ ወፍጮው ዘንግ ስንሻገር ፍጥነቱ በ2.5 ይካፈላል፣ ቶርኩ በ2.5 ይባዛል፣ ከዚያ የቺንጋው ብክነት ይቀነሳል፦ 98.1 × 2.5 × 0.95 = 233 ኒውተን ሜትር። ፑሌጃ ቶርክን ያበዛል፤ ፓወርን ግን በፍጹም አያበዛም። «ፑሌጃ ቀይሬ ሞተሩን አጠነከርኩት» የሚል ሰው ያገኘው ቶርክ ነው፤ የከፈለበትም በፍጥነት ነው።

ቋሚ ቶርክ የሚሠራው ሥራ እንዴት ይሰላል?

ቶርኩን በዞረው አንግል ማባዛት ነው፦ `W = τ · θ`። አንግሉ በራዲያን ይገባል፤ አንድ ሙሉ ዙር 6.283 ራዲያን ነው። ስለዚህ 233 ኒውተን ሜትር ድንጋዩን አንድ ጊዜ ሲያዞር 233 × 6.283 = 1464 ጁል ሥራ ይሠራል።

ከዚህ ቀመር የሚከተል ግን ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ነገር አለ። አንግሉ ዜሮ ከሆነ ሥራውም ዜሮ ነው። ተቀርቅሮ የቆመ ድንጋይን ሞተሩ በሙሉ ቶርክ ቢገፋው ዘንጉ ላይ አንድ ጁል ሥራ አልተሠራም። ከመስመሩ የሚገባው ኤሌክትሪክ ግን አልቆመም፤ ሁሉም ሽቦውና ሮተሩ ውስጥ ሙቀት ይሆናል። የተያዘ ሞተር በሰከንዶች ውስጥ የሚሸተው ለዚህ ነው።

ቶርኩ ቋሚ ከሆነ ፓወሩም ቋሚ ነው?

አይደለም። ድንጋዩ ከቆመበት ሲነሳ ፍጥነቱ ዜሮ ስለሆነ ፓወሩም ከዜሮ ይጀምራል፤ ከዚያ ከፍጥነቱ ጋር እኩል እየጨመረ ይሄዳል። ግማሽ ፍጥነት ላይ ግማሽ ፓወር፣ ሙሉ ፍጥነት ላይ 233 × 61.2 = 14.25 ኪሎ ዋት። በመነሻው ጊዜ ያለው አማካይ ፓወር የዚህ ግማሽ፣ 7.1 ኪሎ ዋት ነው። በመነሻው የተሠራውን ሥራ 14.25ን በሰከንዱ አባዝቶ የሚያወጣ ሰው እጥፉን ያገኛል።

ታዲያ የሥራና የኪኔቲክ ኢነርጂ ሕግ ምን ይጨምራል?

ሕጉ የሚለው፣ በዘንጉ ላይ ያሉት ቶርኮች *ሁሉ* ተደምረው የሚሠሩት ሥራ ከኪኔቲክ ኢነርጂው ለውጥ ጋር እኩል ነው።

```
(τ_motor − τ_load) · θ = ½ I ω₂² − ½ I ω₁²
```

ቁም ነገሩ ያለው ቅንፉ ውስጥ ነው። ሞተሩ ብቻውን የሚሠራው ሥራ ሳይሆን ከጭነቱ የተረፈው ነው ፍጥነት የሚሆነው። የጭነቱን ቶርክ ሳይቀንሱ መሄድ በተማሪዎች ወረቀት ላይም በወርክሾፕ ሒሳብም ዋናው ስሕተት ነው።

ወፍጯችንን ባዶውን እናስነሳው። ሞተሩ ቮልቴጁንና ፍሪኩዌንሲውን በሚቆጣጠር ድራይቭ የሚሠራና ድራይቩም ቶርኩን በኔምፕሌቱ ልክ እንዲይዝ የተስተካከለ ነው እንበል፤ በተግባር ለቋሚ ቶርክ የሚቀርበው አሠራር ይህ ነው። መጀመሪያ ቀመሩ ውስጥ I የተባለውን ኢነርሺያ እንፈልግ። ድንጋዩን እንደ ወጥ ክብ ሰሌዳ ካየነው ግማሽ ክብደት በራዲየስ ስኩዌር ነው፦ ½ × 200 × 0.35² = 12.25። የሞተሩን ሮተር፣ ፑሌጃዎቹንና ዘንጉን ጨምረን በወፍጮው ዘንግ ላይ 13 ኪሎ ግራም ሜትር ስኩዌር እንያዝ።

ሙሉ ፍጥነት ላይ ያለው ኪኔቲክ ኢነርጂ ½ × 13 × 61.16² = 24,300 ጁል ገደማ ነው። የተረፈው ቶርክ 233 − 33 = 200 ኒውተን ሜትር። ስለዚህ ድንጋዩ እስኪደርስ 24,300 ÷ 200 = 121.6 ራዲያን፣ ማለትም 19 ዙር ከሩብ ገደማ ይዞራል። ከዜሮ በእኩል ጭማሪ ሲነሳ አማካይ ፍጥነቱ የመጨረሻው ግማሽ ስለሆነ ሰዓቱ 121.6 ÷ 30.6 = 4 ሰከንድ ይሆናል።

ሒሳቡን ከሌላ በኩል እንፈትሸው። ሞተሩ የሠራው 233 × 121.6 = 28,300 ጁል ነው፤ ግጭቱ የወሰደው 33 × 121.6 = 4,000 ጁል። ልዩነቱ ያው 24,300 ነው። አማካዩ 7.1 ኪሎ ዋት በ4 ሰከንድ ሲባዛም 28 ሺህ ግድም ይሰጣል። ሁለቱ መንገዶች ካልተገናኙ አንዱ ቦታ ላይ ዙርና ራዲያን ተምታተዋል ማለት ነው።

ድንጋዩ በእኩል ፍጥነት እየፈጨ ሳለ ኪኔቲክ ኢነርጂው አይለወጥም። ሥራው የት ገባ?

እህሉ ውስጥ። ሲፈጭ የእህሉ ቶርክ 200፣ ግጭቱ 33 ቢሆን ድምሩ ከሞተሩ 233 ጋር እኩል ነው፤ ቅንፉ ዜሮ ሆነ፣ ፍጥነቱም አይነቃነቅም። ይህ ማለት ሞተሩ ሥራ አቁሟል ማለት አይደለም። በሰዓት 14.25 ኪሎ ዋት ሰዓት ለወፍጮው ዘንግ ይሰጣል፤ ከዚህ 2 ያህሉ በግጭት ይበላል፣ ሌላው እህሉን በመስበርና በማሞቅ ያልቃል። ከአፉ የሚወጣው ዱቄት ትኩስ የሆነው ከዚህ የተነሳ ነው።

መብራት ሄዶ ሲመለስ ወፍጮው አልነሳ ይላል፤ ያጉረመርምና ኦቨርሎዱ ይወድቃል። ባዶውን ግን ደህና ይነሳል። ለምን?

መብራት በሚሄድበት ቅጽበት ድንጋዩ እህል በመሐሉ እንደያዘ ነው። ያለው 24,300 ጁል ብቻ ነው፤ 233 ኒውተን ሜትር የሚይዘው ጭነት ይህን በ104 ራዲያን ውስጥ፣ ወደ 17 ዙር ገደማ፣ በ3.4 ሰከንድ ይጨርሰዋል። ድንጋዩ ከሞላ ጎደል ተጠቅጥቆ ይቆማል። ሲመለስ ሞተሩ የሚጠብቀው 33 ሳይሆን ምናልባት 180 ኒውተን ሜትር ነው።

አሁን የሞተሩ አነሳስ ይወስናል። ድራይቭ ካለው የተረፈው ቶርክ 233 − 180 = 53 ነው። ያንኑ 24,300 ጁል ለመሙላት 459 ራዲያን፣ 73 ዙር፣ 15 ሰከንድ ያስፈልገዋል። ይቆያል፣ ግን ይነሳል።

ብዙ ወፍጮ ቤት ያለው ግን ስታር ዴልታ ነው፤ ሞተሩን መጀመሪያ በተቀነሰ ቮልቴጅ በስታር አስነስቶ በታይመር ወደ ዴልታ የሚያዞር ማስነሻ። ስታር ላይ የሚገኘው ቶርክ ዴልታ ላይ ካለው ሲሶ ነው። ሞተሩ በዴልታ ከቆመበት ሲነሳ የኔምፕሌቱን ቶርክ 2.2 እጥፍ ይሰጣል ብንል 216 ኒውተን ሜትር ነው፤ በስታር 72 ይሆናል። በቺንጋው ተሻግሮ ወፍጮው ዘንግ ላይ ሲደርስ 171 ኒውተን ሜትር። 171 ደግሞ 180ን አይችልም። ድንጋዩ ንቅንቅ አይልም፤ አንግሉ ዜሮ ነው፣ ሥራው ዜሮ ነው፣ የሚሰማው ጉርምርምታ ብቻ ነው። ታይመሩ ወደ ዴልታ ሲያዞረው ሞተሩ ገና ቆሞ ስለሆነ የመስመሩ አምፔር ሙሉ ጭነት ላይ ካለው 30 እስከ ስድስት እጥፍ፣ ወደ 180 ግድም ይዘላል። ወይ ቺንጋው ይንሸራተታል፣ ወይ ኦቨርሎዱ ይጥለዋል፣ አንዳንዴም ፊውዝ ይሄዳል።

መፍትሔው ኦቨርሎዱን ከፍ አድርጎ ማሰር አይደለም፤ እሱ ሞተሩን ለማቃጠል ፈቃድ መስጠት ነው። መብራት እንደጠፋ መጀመሪያ የእህሉን መውረጃ ዝጉ፤ ሦስት ሰከንድ ብዙ አይደለም፣ ግን የተወሰነውን እህል ይቀንሳል። ቀጥሎ ዋናውን ማብሪያ አጥፉ። ከዚያ የማጥበቂያውን እጀታ መልሳችሁ ድንጋዮቹን አራርቁ፣ በእጅ ቺንጋውን ይዛችሁ ድንጋዩ በቀላሉ መዞሩን አረጋግጡ። ባዶውን አስነሱት፤ ሙሉ ፍጥነቱን ሲይዝ ድንጋዩን አጥብቁ፣ እህሉን ልቀቁ። ዋናው ማብሪያ ሳይጠፋ እጅ ወደ ቺንጋ አይሄድም፤ መብራት መቼ እንደሚመለስ አይታወቅም። ኮንታክተሩም መብራት ሲመለስ በራሱ የማይገባ፣ ቁልፍ ካልተጫነ የማይነሳ መሆን አለበት።

የስታር ዴልታ ታይመር ስንት ሰከንድ ይሁን?

ባዶውን ሲነሳ የተረፈው 171 − 33 = 138 ኒውተን ሜትር ነው። ቶርኩ እንዳለ ቢቆይ ድንጋዩ በሰከንድ 138 ÷ 13 = 10.6 ራዲያን በሰከንድ ይጨምራል። ታይመሩ 3 ሰከንድ ላይ ከሆነ ሲቀያይር ፍጥነቱ 32 ራዲያን በሰከንድ ብቻ ነው፤ ከሙሉው ግማሽ ትንሽ ቢበልጥ ነው። በግማሽ ፍጥነት ላይ ዴልታ መግባት ከቆመበት በቀጥታ ከማስነሳት ብዙም አይለይም፤ አምፔሩ ያው ይዘላል፣ ለስታር የወጣው ወጪም ከንቱ ይሆናል። 80 በመቶ ፍጥነት ለመድረስ በዚህ ስሌት 4.6 ሰከንድ ይፈልጋል፤ ስለዚህ ከ5 እስከ 6 ሰከንድ ጥሩ መነሻ ነው። የመጨረሻውን ቃል የሚሰጠው ግን ክላምፕ ሜትር ነው። ስታር ላይ ሳለ አምፔሩ ከፍ ብሎ ቆይቶ በድንገት ሲወርድ ድንጋዩ ፍጥነቱን ይዟል፤ መቀየር ያለበት ያኔ ነው። ካልወረደ ደግሞ ታይመር ማርዘም አይረዳም፤ ጭነቱ ከስታር ቶርክ በላይ ነው።

በስታር ዴልታ ቀስ ብሎ ሲነሳ ሞተሩ ያነሰ ይሞቃል?

ሽቦው ላይ የሚያልፈው አምፔር ይቀንሳል፤ ሮተሩ ላይ ግን እንደሚታሰበው አይደለም። ኢንዳክሽን ሞተር ከመስመር በቀጥታ ባዶውን ሲነሳ ሮተሩ ውስጥ በሙቀት የሚጠፋው ኢነርጂ ድንጋዩ ከሚይዘው ኪኔቲክ ኢነርጂ ጋር በግምት እኩል ነው፤ በፍጥነት ቢነሳም በዝግታ ቢነሳም። ጭነት ካለ ይብሳል፤ ያ ሙቀት የሞተሩ ቶርክ ለተረፈው ቶርክ ሲካፈል ባለው ሬሾ ይባዛል። ስታር ላይ ባዶውን 171 ÷ 138፣ ማለትም 1.24 እጥፍ ነው፤ ግማሽ እህል ይዞ የሚያስጨንቀው 120 ኒውተን ሜትር ቢሆን 171 ÷ 51፣ 3.4 እጥፍ ይሆናል። ደጋግሞ ማስነሳት ሞተር የሚገድለው በዚህ ነው፤ ሙቀቱ ሳይወጣ ሌላ ይጨመራል። ድራይቭ ግን ፍሪኩዌንሲውን ከፍጥነቱ ጋር አብሮ ስለሚያሳድግ ይህን ሙቀት በጣም ይቀንሰዋል።

ድንጋዩን ሳልፈታ ኢነርሺያውንና ግጭቱን መለካት እችላለሁ?

ይቻላል፤ ታኮሜትርና የሞባይል ስልክ ሰዓት ይበቃል። እህል የሌለበት ወፍጮ በሙሉ ፍጥነት ይዙር፣ ድንጋዮቹ ለመፍጨት በሚቀራረቡበት ቦታ ይሁኑ። ፍጥነቱን አንብባችሁ ሞተሩን አጥፉ፣ እስኪቆም ያለውን ሰከንድ ያዙ። አሁን ድንጋዩን የሚይዘው ግጭቱ ብቻ ነው። የእኛው ወፍጮ ከ61.2 ራዲያን በሰከንድ በ24 ሰከንድ ይቆማል፤ በሰከንድ 2.55 ይቀንሳል ማለት ነው፤ 13 × 2.55 = 33 ኒውተን ሜትር።

ኢነርሺያው የማይታወቅ ከሆነ የአነሳሱን ሰዓትም ጨምሩ። ድራይቩ ቶርክን ይዞ በ4 ሰከንድ ሲያስነሳው ጭማሪው በሰከንድ 15.3 ነው። ግጭቱ ሲነሳ ያዘገየዋል፣ ሲቆም ያቆመዋል፤ ስለዚህ ሁለቱን ስትደምሩ ግጭቱ ከሒሳቡ ይወጣል፦

```
I = τ_motor / (α_start + α_stop)
I = 233 / (15.3 + 2.55) = 13 kg·m²
```

ይህን ቁጥር ማሽኑ ደህና ሳለ ግድግዳው ላይ ጽፎ ማስቀመጥ ጥቅም አለው። ከወራት በኋላ ድንጋዩ በ24 ፈንታ በ15 ሰከንድ ከቆመ ግጭቱ ወደ 53 ኒውተን ሜትር አድጓል። ኩሽኔታው ቅባት አጥቷል፣ ወይ ቺንጋው ከልክ በላይ ተወጥሯል፣ ወይ ድንጋዮቹ ይተሻሻሉ። የትኛው እንደሆነ ለመለየት ድንጋዮቹን አራርቃችሁ ፈተናውን ድገሙት፤ ሰዓቱ ካልረዘመ ጥፋቱ ኩሽኔታው ወይም ቺንጋው ጋ ነው። የኩሽኔታውን ቤት በእጅ መንካት ቀሪውን ይናገራል።

የሮተሩ ኢነርሺያ ለምን በሬሾው ስኩዌር ይባዛል?

ኪኔቲክ ኢነርጂው መለወጥ ስለሌለበት። ሮተሩ ከድንጋዩ 2.5 እጥፍ ይፈጥናል፤ ኢነርጂው ደግሞ ከፍጥነት ስኩዌር ጋር ይሄዳል። ስለዚህ 0.1 የሆነው የሮተር ኢነርሺያ ከወፍጮው ዘንግ ሲታይ 0.1 × 6.25፣ ወደ 0.6 ይሆናል። እዚህ ትንሽ ነው፤ ሬሾው 10 በሆነ ማሽን ግን በ100 ይባዛልና ሊዘነጋ አይችልም።

ጠጠር ወይም የተጋገረ እህል ሲገባ ወፍጮው ለምን ወዲያው አይቆምም?

ድንጋዩ ያጠራቀመውን ስለሚያበድር ነው። ጭነቱ ለአንድ ዙር ያህል 400 ኒውተን ሜትር ቢደርስና ሞተሩ ከ233 ባያልፍ፣ የጎደለው 167 × 6.283 = 1050 ጁል ከኪኔቲክ ኢነርጂው ይወጣል። 24,300 ወደ 23,250 ይወርዳል፤ ፍጥነቱ ከ584 ወደ 571 ዙር ብቻ ነው የሚቀንሰው። ጆሮ እንኳ እምብዛም አይለየውም። ያው ጭነት 20 ዙር ከቆየ ግን 21,000 ጁል ይበላል፤ የቀረው 3,300 ሲሆን ፍጥነቱ ወደ 216 ዙር ይወርዳል፤ ሦስት አራት ዙር ቢጨመርበት ይቆማል። ከመስመር በቀጥታ የሚሠራ ሞተር ፍጥነቱ ሲወርድ ቶርኩን እስከ ሁለት እጥፍና ከዚያ በላይ ስለሚያሳድግ በዚህ በኩል ከተገደበ ድራይቭ የተሻለ ይታገላል፤ በአምፔር እየከፈለ።

ቶርኩ ቋሚ ካልሆነስ?

ሕጉ አይለወጥም፤ የሚለወጠው መደመሩ ነው። የኢንዳክሽን ሞተር ቶርክ ከፍጥነቱ ጋር ይወጣል ይወርዳል፤ በተለይ መካከል ላይ ትንሽ ሊጎድል ይችላል። ፍጥነቱን በሦስት ክፍል ከፍላችሁ በየክፍሉ አማካይ የተረፈ ቶርክ ያዙ። ለምሳሌ ከ0 እስከ 20 ራዲያን በሰከንድ 138፣ ከ20 እስከ 40 ድረስ 110፣ ከዚያ እስከ 61.16 ድረስ 200 ኒውተን ሜትር ይሁን። ኪኔቲክ ኢነርጂው በየክፍሉ 2,600፣ 7,800 እና 13,900 ጁል ይጨምራል። እያንዳንዱን ለራሱ ቶርክ ስታካፍሉ 19፣ 71 እና 70 ራዲያን ይመጣል፤ በድምሩ 160፣ ወደ 25 ዙር። ሰዓቱ ደግሞ 1.9፣ 2.4 እና 1.4፣ በድምሩ 5.6 ሰከንድ ገደማ ነው። መካከለኛው ክፍል ከፍጥነቱ ሲሶ ያህል ብቻ ይዞ ከሁሉ የበለጠ ሰዓት እንደወሰደ ልብ በሉ። እዚያ ላይ የጭነቱ ቶርክ በ110 ቢጨምር ድንጋዩ ተነስቶ፣ 20 ራዲያን በሰከንድ ላይ ደርሶ፣ እዚያው ተንጠልጥሎ ይቀራል፤ ዘንጉ እየዞረ አምፔሩ የማይወርድ ሞተር ስታዩ መጀመሪያ መጠርጠር ያለበት ይኸው ነው።